ለሰፈር ዳቦ ቤት የስድስት ወር የማርኬቲንግ ዕቅድ፦ ከከሰዓቱ ባዶ ምድጃ መነሳት

ጥያቄ፦ «አነስተኛ የሰፈር ዳቦ ቤት አለኝ። ጠዋት ወረፋ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ምድጃውም ቤቱም ባዶ ነው። ለመጪው መንፈቅ ዓላማ፣ በጀትና መቆጣጠሪያ ያለው የማርኬቲንግ ዕቅድ ማውጣት እፈልጋለሁ። ለማስታወቂያ ከሽያጭህ 3 በመቶ መድብ ብለውኛል። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

የሚጀምሩት ከማስታወቂያ ሳይሆን ከቆጠራ ነው። ከ26ቱ ሳምንታት የመጀመሪያዎቹን አራቱን ምንም ሳይለውጡ ይቁጠሩባቸው። ሒሳብ መቀበያው አጠገብ በሦስት ዓምድ የተከፈለ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፤ አንዱ ለጠዋት፣ አንዱ ለእኩለ ቀን፣ አንዱ ለከሰዓት በኋላ ይሁን። ገንዘብ ተቀባዩ እያንዳንዱ ገዢ ሲከፍል አንድ ጭረት ያሠምር፤ ማታ ላይ የየክፍሉ ገንዘብ፣ ሳይሸጥ የቀረው ዳቦ ብዛትና እያንዳንዱ ዓይነት ዳቦ ያለቀበት ሰዓት ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነገር ግን ምንም ዳቦ ሳይተርፍ ያለፈ ቀን ጥሩ የሽያጭ ቀን ሊሆንም፣ መደርደሪያው ቀደም ብሎ ባዶ ሆኖ ገዢዎች የተመለሱበት ቀን ሊሆንም ይችላል፤ ሁለቱን የሚለየው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ቁጥሮች ለማሳያ የወሰድኳቸው ናቸው፤ የገንዘቡንም መጠን «አሃድ» እያልኩ እጽፋለሁ። በእርስዎ መዝገብ ላይ ያሉትን ቁጥሮች እየተኩ ሒሳቡን ደግመው ይሥሩት።

ዳቦ ቤቱ በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል እንበል፤ በቀን 180 ገዢ ይመጣል፤ ከእነዚህም 110ሩ ጠዋት፣ 20ዎቹ እኩለ ቀን፣ 50ዎቹ ከሰዓት በኋላ ይገዛሉ። አንድ ገዢ በአማካይ የ10 አሃድ ዳቦ ይወስዳል። የቀኑ ሽያጭ 1,800፣ የሳምንቱ 10,800፣ የመንፈቁ ደግሞ 280,800 አሃድ ይሆናል። ከእያንዳንዱ 100 አሃድ ሽያጭ ውስጥ ዱቄት፣ እርሾ፣ ዘይትና ስኳር፣ መጠቅለያ እንዲሁም በተለመደው መጠን ሳይሸጥ የሚቀረው ዳቦ 55ቱን ይወስዳሉ። ይህ ተለዋዋጭ ወጪ ነው፤ የሚቀረው 45 ኪራይን፣ ደመወዝንና ትርፍን ይሸፍናል። ይህን የ45 ቁጥር ሳያውቁ ዕቅድ መጻፍ አይቻልም፤ ዓላማውም በጀቱም የሚለካው በእርሱ ነው።

ወደ ዓላማው ስንመጣ፣ ብዙ ዕቅዶች «ሽያጭን በ20 በመቶ ማሳደግ» ብለው ይጀምራሉ። ሽያጩ በየትኛው ሰዓት፣ በማን፣ በምን ምክንያት እንደሚያድግ ስለማይናገር ይህ ዓላማ ለሥራ አይመችም። የእርስዎ ጠዋት ሞልቷል፤ በጠዋቱ ላይ ማስታወቂያ ብንጨምር የምናተርፈው የወረፋ ርዝመት ነው። ክፍተቱ ያለው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ግልጽ ነው፦ በዚያ ሰዓት የሚሸጠው የጠዋቱ ዳቦ ነው። ዳቦ በቆየ ቁጥር ከውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ቅርፊቱ ስለሚሸሽ ቅርፊቱ ይለሰልሳል፤ በውስጡ ያለው ስታርች ደግሞ ወደ ቀድሞ ጥንካሬው እየተመለሰ ዳቦውን ያደርቀዋል። ከሥራ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ይህን በጣቱ ነክቶ ያውቀዋል። ስለዚህ ማስታወቂያ ከመግዛት በፊት ማስታወቂያ የሚገባው ነገር መኖር አለበት፤ እርሱም ሁለተኛ ጋገራ ነው።

ለሁለተኛው ጋገራ ሌላ ሊጥ ማቡካት የግድ አይደለም። ከጠዋቱ ሊጥ የተወሰነው ተከፍሎ በማቀዝቀዣ ቢቀመጥ ኩፍ ማለቱ ይዘገያል፤ ከሰዓት ወጥቶ ሙቀቱ ሲመለስለት ቅርጽ ይያዝና ይጋገራል። ይህም የጋጋሪውን ሰዓት ይቆጥባል። ልብ ይበሉ፣ ማቀዝቀዣ የሚጠቅመው ለሊጡ ነው፤ የተጋገረ ዳቦ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ ውጭ ከሚቀመጠው ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃል። ዳቦው ሰው መመለስ ከሚጀምርበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ከምድጃ ቢወጣ ሽታው ገና በመንገዱ ላይ ሳለ ሰው ይደርስበታል፤ ለመቁረጥም የሚበቃ ያህል ይበርዳል።

እንግዲህ ዓላማው እንዲህ ይጻፍ፦ «በ16ኛው ሳምንት የከሰዓቱ የቀን ገዢ ቁጥር ከ50 ወደ 70 ደርሶ እስከ 26ኛው ሳምንት በዚያ ይጸናል፤ ይህም የአንድ ገዢ አማካይ ግዢ ከ10 አሃድ ሳይወርድ፣ የጠዋቱ የገዢ ቁጥር ሳይቀንስና ከሁለተኛው ጋገራ ሳይሸጥ የሚቀረው ከ10 በመቶ ሳይበልጥ ይሆናል።» ዓላማው አንድ ነው፤ የተቀሩት ሦስቱ አጥሮች ናቸው። አጥር ከሌለው 70 ገዢ በቀላሉ ይገኛል፤ ዋጋ መቀነስ ብቻ ይበቃል። ነገር ግን በ10 አሃድ የሚሸጠውን በ9 ቢሸጡ የሚቀርልዎ ከ4.5 ወደ 3.5 ይወርዳል፤ ቀድሞ በነበሩበት ቦታ ለመቆም ብቻ 29 በመቶ ያህል ተጨማሪ ዳቦ መሸጥ ይኖርብዎታል። በዚህ ምክንያት በዕቅዱ ውስጥ የዋጋ ቅናሽ አላስገባሁም።

አሁን በጀቱን ከዓላማው እናውጣ። ከሽያጭ 3 በመቶ መድብ የሚለው ምክር በስፋት ይሰማል፤ ለማስላትም ይቀላል፤ ግን አመክንዮው የተገለበጠ ነው። ማስታወቂያ ሽያጭን ያመጣል እየተባለ የማስታወቂያው መጠን ካለፈው ሽያጭ ይቀዳል። በእኛ ምሳሌ 3 በመቶ ማለት 8,424 አሃድ ነው። ዓላማው ሙሉ በሙሉ ቢሳካ ይህን ገንዘብ ይመልሰዋል ወይ ብለን እንጠይቅ።

ተጨማሪዎቹ 20 ገዢዎች በአንድ ቀን አይመጡም። በአራቱ የቆጠራ ሳምንታት ምንም ጭማሪ አይኖርም። ከ5ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ቁጥሩ ቀስ በቀስ ከዜሮ ወደ 20 ሲወጣ በአማካይ በቀን 10 ያህል ይሆናል፤ ይህም በ12 ሳምንት 7,200 አሃድ ሽያጭ ነው። ከ17ኛው እስከ 26ኛው ድረስ ደግሞ በቀን 20 ገዢ ሲጸና በ10 ሳምንት 12,000 ይሆናል። በድምሩ 19,200 አሃድ ተጨማሪ ሽያጭ ተገኘ ማለት ነው። ከዚህ 45 በመቶው፣ ማለትም 8,640፣ ከተለዋዋጭ ወጪ ይተርፋል። ሁለተኛው ጋገራ ግን የራሱ ወጪ አለው፤ ለሠራተኛ ተጨማሪ ሰዓትና ለምድጃ ማሞቂያ በሳምንት 150 ቢፈጅ በ22 ሳምንት 3,300 ይሆናል። የቀረው 5,340 ነው። ዕቅዱ በዚሁ መንፈቅ ራሱን እንዲከፍል ከተፈለገ የማርኬቲንግ በጀቱ ከዚህ ጣሪያ ማለፍ አይችልም። 8,424 ያወጣ ሰው፣ ሁሉም ነገር እንዳሰበው ሆኖለት እንኳ፣ 3,084 አሃድ ይከስራል። እዚህ ላይ አንድ ሰው «የመጣው ገዢ ከመንፈቁ በኋላም ይቀጥላል» ሊል ይችላል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ትንሽ ዳቦ ቤት የዛሬ ዱቄት የሚገዛው በሚቀጥለው መንፈቅ ገንዘብ አይደለም።

ጣሪያው ላይ መጠጋትም ተገቢ አይደለም፤ ግምታችን ሊሳሳት ይችላልና። እኔ የጣሪያውን ግማሽ ያህል፣ 2,600 አሃድ፣ እመድባለሁ። ከዚህ ውስጥ 520ው ለመንገድ ዳር ታፔላና ለመብራቱ ይውላል፤ ታፔላው ላይ የሚጻፈው የቤቱ ስም ብቻ ሳይሆን ትኩስ ዳቦ የሚወጣበት ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ከተጻፈ በኋላ ደግሞ መሻር የለበትም። ለቅምሻ 480 ይያዝ፤ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት በሳምንት ሁለት ከሰዓት፣ በአጠቃላይ 12 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 40 አሃድ ወጪ ያለው ዳቦ ተቆራርጦ በር ላይ ይቀርባል። በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ርቀት ላሉ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ለሚታደል በራሪ ወረቀት 300፣ ዳቦ ሲወጣ ለደንበኞች በስልክ ለሚላክ አጭር መልእክት 120 ይበቃል። ወረቀቱን ከዚያ ርቀት ውጭ ማደል ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለዳቦ ብሎ ሩቅ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነውና።

የሚቀረው መስመር የማኅተም ካርዱ ነው፤ አሥር ጊዜ የገዛ አንድ ዳቦ በነጻ የሚወስድበት ማለቴ ነው። ይህ ካርድ በጣም ይወደዳል፤ ስለዚህ ሒሳቡን ዘርዘር አድርጌ ላሳይ። ከ13ኛው ሳምንት ቢጀመርና ለከሰዓት ገዢ ብቻ ቢሰጥ እስከ መንፈቁ ማብቂያ ወደ 5,820 የሚጠጋ ግዢ ይፈጸማል። ከእነዚህ 40 በመቶው በካርድ ቢሆን 233 ያህል ነጻ ዳቦ ይወጣል፤ አንዱ ዳቦ 2 አሃድ ወጪ ቢኖረው 466፣ ለኅትመት 150 ሲጨመር ወደ 620 ይደርሳል። ነገር ግን ከ5,820ው ውስጥ 4,200ው ያለ ካርድም ይመጡ የነበሩት የ50ዎቹ ሰዎች ግዢ ነው። ይኸውም ከ10 ስጦታ ሰባቱ የሚሄደው ቀድሞውንም ለነበረ ገዢ ነው ማለት ነው። ካርዱ ለጠዋት ገዢም ቢሰጥ ኖሮ መጠኑ ይብስ ነበር። ስለዚህ ካርዱን ከበጀቱ ሁሉ ደካማው መስመር አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ የመጣው አዲስ ገዢ እንዳይሸሽ ይረዳ ይሆናል፤ አዲስ ገዢን ግን አይጠራም። ከ12ኛው ሳምንት ግምገማ በፊት እንዳይጀመር ያደረግሁትም ለዚህ ነው። እስካሁን የተደመረው 2,040 ነው፤ የቀረው 560 መጠባበቂያ ሆኖ ከግምገማው በፊት አይነካም። እንዲህ ሲሆን እስከ 12ኛው ሳምንት የሚወጣው የማርኬቲንግ ገንዘብ ከ1,400 አይበልጥም፤ ዕቅዱ ባይሠራ የሚጠፋው ግማሹ ብቻ ይሆናል።

ሥራዎቹን በአንድ ሳምንት አለመጀመርም ከቁጥጥሩ አንዱ ክፍል ነው። በ5ኛው ሳምንት ጋገራው፣ ታፔላውና ቅምሻው ይጀመሩ፤ በራሪ ወረቀቱ በ9ኛው፣ ካርዱ በ13ኛው ይከተሉ። ሁሉም በአንድ ቀን ከተለቀቁ ቁጥሩ ቢጨምር የጨመረው በየትኛው እንደሆነ፣ ባይጨምር የትኛው መቆም እንዳለበት ማወቅ አይቻልም።

ቁጥጥሩ ላይ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት የቁጥር ተፈጥሯዊ መዋዠቅ ነው። በአማካይ 50 ገዢ ያለው ከሰዓት በኋላ ያለ ምንም ምክንያት አንድ ቀን 43፣ ሌላ ቀን 57 ሊሆን ይችላል። የስድስት ቀን አማካይ እንኳ በ3 ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ማክሰኞ 58 ገዢ መጣ ብሎ መደሰት፣ ሐሙስ 44 ሆነ ብሎ ወረቀት ማሳተም ሁለቱም ስሕተት ናቸው። የሚነጻጸረው የሦስት ሳምንት አማካይ ከአራቱ የቆጠራ ሳምንታት አማካይ ጋር ነው። የበዓል ሳምንት፣ ከባድ ዝናብ የጣለበት ወይም መብራት የጠፋበት ቀን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ተጽፎ ከአማካዩ ይውጣ፤ የሚወጣው ግን መጥፎ ውጤት ስላሳየ እንዳይሆን ምክንያቱ በዕለቱ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ ይከፋል። ከሰዓት በኋላ 12 ገዢ ጨመረ እንበል፤ ነገር ግን ከእነርሱ 8ቱ ቀድሞ ጠዋት ይገዙ የነበሩ፣ አሁን ትኩሱን ማታ መውሰድ የመረጡ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የከሰዓቱን ዓምድ ብቻ ያየ ሰው ዕቅዱ ተሳካ ይላል፤ ዳቦ ቤቱ ያገኘው ግን 4 ሰው ብቻ ነው፤ ለእነርሱም በሳምንት 150 አሃድ እየከፈለ ነው። የጠዋቱን ቁጥር ማየት ይረዳል፤ ሆኖም 110 ገዢ ያለው ጠዋት በራሱ በቀን እስከ 10 ስለሚዋዥቅ የ8 ሰው መቀነስ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በግልጽ ላይታይ ይችላል። አጭሩ መንገድ መጠየቅ ነው። በ10ኛውና በ12ኛው ሳምንት ለሦስት ሦስት ቀን ገንዘብ ተቀባዩ የከሰዓቱን ገዢ ሁሉ «ቀድሞ ዳቦ የሚገዙት ከየት ነበር?» ብሎ ይጠይቅ፤ ለ«ከዚሁ፣ ጠዋት» አንድ ምልክት፣ ለሌላው መልስ ሌላ ምልክት ያድርግ። የመጀመሪያው ምልክት ያላቸው ሰዎች ከጭማሪው ላይ ይቀነሳሉ፤ ከዚህ በታች «ጭማሪ» የምለው ይህ ከተቀነሰ በኋላ ያለውን ነው።

አሁን የ12ኛው ሳምንት ግምገማ ድንበሮች ከወዲሁ ይጻፉ። ዕቅዱ በመንገዱ ላይ ከሆነ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለው የቀን ጭማሪ በአማካይ 12 ገደማ መሆን አለበት። 12 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ካርዱ ይጀመር፤ መጠባበቂያውም ይበልጥ ለሠራው መስመር ሊፈቀድ ይችላል። የታችኛው ድንበር የሚገኘው ከጋገራው ወጪ ነው፦ አንድ ተጨማሪ የቀን ገዢ በሳምንት 60 አሃድ ይገዛል፤ ከዚያ 27 ይተርፋል፤ የጋገራውን 150 ለመሸፈን 6 ገዢ ያስፈልጋል። ጭማሪው ከ6 በታች ከሆነ ሁለተኛው ጋገራ ማስታወቂያ ባይኖርበትም ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሦስት የተመረጡ ቀናት ይቀንስ ወይም ይቁም፤ ካርዱና መጠባበቂያው ሳይወጡ ይቅሩ። እስከዚያ የወጣው 1,350 ያህል አሃድ በዚህ ውሳኔ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ቢቀጥሉም ቢያቆሙም አይመለስምና። «ይህን ሁሉ አውጥቼ እንዴት አቆማለሁ» የሚለው ሐሳብ ነው ትንንሽ ቤቶችን ዓመቱን ሙሉ በኪሳራ የሚያስጋግረው።

በ6 እና በ12 መካከል ያለው ውጤት በብዛት የሚያጋጥመው ነው፤ አስቸጋሪውም እርሱ ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ ከመጨመር በፊት ዳቦው ያለቀበትን ሰዓት ይመልከቱ። ከተመላሹ ሰው ግማሹ ሳይደርስ ዳቦ የሚያልቅ ከሆነ የጎደለው ማስታወቂያ ሳይሆን ዳቦ ነው፤ በተጻፈው ሰዓት መጥቶ ባዶ መደርደሪያ ያየ ሰው ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ አይመጣም። ዳቦው የሚተርፍ፣ ቅምሻውን የቀመሱት ግን የማይመለሱ ከሆነ ጉድለቱ ዳቦው ላይ ወይም የሚወጣበት ሰዓት ላይ ነው፤ ጋገራውን በግማሽ ሰዓት አቅድሞ ወይም አዘግይቶ ለሁለት ሳምንት መሞከር ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ዳቦው ጥሩ ሆኖ፣ ቀማሹም እየተመለሰ፣ ቁጥሩ ዝቅ ያለው የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ ብቻ ከሆነ ያን ጊዜ መጠባበቂያው ለበራሪ ወረቀት ወይም ለተጨማሪ ቅምሻ ይውጣ።

ሳይሸጥ ስለሚቀረው ዳቦ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ዳቦ ጎድሎ ገዢ ቢመለስ ከዋጋው 45 በመቶ ያጣሉ፤ አንድ ዳቦ ተርፎ ቢጣል ደግሞ 55 በመቶ ያጣሉ። የተረፈው በማግስቱ ምንም ካላወጣ የሚጋገረው መጠን ከአማካዩ ፍላጎት በትንሹ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። በመጀመሪያዎቹ አራት የሽያጭ ሳምንታት ግን እያወቅሁ ከዚህ አልፌ እጋግር ነበር፤ የተጻፈው ሰዓት እንዲታመን የሚከፈል ዋጋ ነውና። ስለዚህ የ10 በመቶው አጥር የሚሠራው ከ9ኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ከ10 በመቶ ካለፈ የጋገራው መጠን በአንድ ትሪ ይቀነስ፤ ይህን ለመወሰን ስብሰባም ግምገማም አያስፈልግም፣ ጋጋሪው ራሱ ወረቀቱን አይቶ ያድርገው።

ከ12ኛው ሳምንት በኋላ በየአራት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። በ16ኛው የገዢው ጭማሪ 20 ባይደርስ አይደንግጡ፤ ከ20ው ይልቅ 14ን ያስታውሱ። የጋገራው 3,300 እና የማርኬቲንጉ 2,600 ሲደመሩ 5,900 ነው፤ ይህም ሙሉ ዓላማው ቢሳካ ከሚተርፈው 8,640 ውስጥ 68 በመቶ ያህሉ ነው። ስለዚህ ጭማሪው በዚያው አካሄድ ወጥቶ በቀን 14 ገዢ ላይ ቢጸና ዓላማው ባይሞላም ዕቅዱ ያወጣውን ሁሉ ይመልሳል። አማካይ ግዢው ግን በዚህ መካከል ከ10 ወደ 8 ከወረደ ሒሳቡ ይፈርሳል፤ መውረዱ በአዲሶቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በነባሮቹ 50 ሰዎች ላይም ሊሆን ስለሚችል የከሰዓቱን ገንዘብ ለጭረቱ ብዛት አካፍሎ በየሳምንቱ መጻፍ አይዘንጋ። ወረቀቱ ሳይሞላ የሚያልፍ ሳምንት ካለ ቁጥሩን በግምት አይሙሉት፤ ባዶ ይተዉት። በ26ኛው ሳምንት ማብቂያ የሚቀረው የከሰዓት ዓምድ አማካይ ለሚቀጥለው መንፈቅ የመነሻ ቁጥር ይሆናል፤ ያን ጊዜ አራት የቆጠራ ሳምንት አያስፈልግዎትም።